ሦስተኛው ቤት በልደት ሰሌዳ፤ የወንድምና የእኅት፣ የፊደልና የቅርብ መንገድ ስፍራ

በልደት ሰሌዳ አቈጣጠር ሰማዩ በ12 ቤቶች ይከፈላል። እያንዳንዱም ቤት ከሰው ኑሮ አንድ ወገን ይሰጠዋል። ከእነዚህ መካከል ሦስተኛው ቤት የወንድምና የእኅት፣ የመጀመሪያው ትምህርት፣ የአጭር ጕዞና የዕለት ተዕለት መልእክት ስፍራ ነው ይባላል። እነዚህ አራት ነገሮች በአንድ ቤት ስለ ምን እንደ ተሰበሰቡ፣ በአገራችንም ከሚታወቀው የዐውደ ነገሥት ሐሳብ ጋር በምን እንደሚለያዩ፣ በተለይም ይህ ቤት በኢትዮጵያ ሰዓት ለተመዘገበ ልደት በቀላሉ እንዴት እንደሚሳሳት በዚህ ጽሑፍ ይብራራል። ለምሳሌ የተወሰደው በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የቤቴል ሰፈር ነው።

አስቀድሞ የቤቶቹ አመሠራረት መታወቅ አለበት። ሕፃኑ በተወለደበት ደቂቃና ስፍራ በምሥራቅ አድማስ ላይ የሚወጣው ኮከብ ይፈለጋል። ይህም ከሐመል እስከ ሑት ካሉት 12 ኮከቦች አንዱ ነው። በጥንታዊው አከፋፈል የወጣው ኮከብ በሙሉ አንደኛ ቤት ይሆናል፤ ቀጥሎ ያለው ኹለተኛ፣ ከዚያም የሚቀጥለው ሦስተኛ እየተባለ ይቈጠራል። እንግዲህ ሐመል የወጣለት ሰው ሦስተኛ ቤቱ ገውዝ ነው፤ ሰንቡላ የወጣለት ደግሞ ሦስተኛ ቤቱ አቅራብ ይሆናል። ምድር በምትዞርበት ፍጥነት በምሥራቅ የሚወጣው ኮከብ በየኹለት ሰዓቱ ገደማ ስለሚለወጥ፣ ሦስተኛውም ቤት ከእርሱ ጋር ይለወጣል። ስለዚህ የልደት ሰዓት ሳይታወቅ ስለ ሦስተኛ ቤት መናገር አይቻልም።

የቤቱ ትርጕም በአንድ ዘመን የተሠራ አይደለም። በ2ኛው መቶ ዘመን በግሪክ ቋንቋ የጻፈው ቬቲዩስ ቫለንስ ለዚህ ስፍራ ወንድሞችን፣ ዘመዶችንና ጕዞን ሰጥቶታል። የጥንቶቹ ግሪኮች ሦስተኛውን ስፍራ የጨረቃ ደስታ ይሉት ነበር። ጨረቃ ከሚታዩት የሰማይ ብርሃናት ኹሉ ፈጥና ኮከብ ከኮከብ የምትሸጋገር ስለ ሆነች፣ መሄድና መመለስ የበዛበት ነገር ኹሉ ለቤቱ የተስማማ መስሏል። በኋላ የመካከለኛው ዘመን የዐረብኛ ጸሐፊዎች ጕዞን ለኹለት ከፍለው ረጅሙን ለዘጠነኛው ቤት፣ አጭሩን ለሦስተኛው ሰጡ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሊሊ በ1647 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጎረቤትን፣ ደብዳቤንና ወሬን በዚሁ ቤት መድቧል። የመጀመሪያው ትምህርትና የዕለት ንግግር በሰፊው የተጨመሩት ግን ከዚያ በኋላ ነው። የዘመኑ አዋቂዎች ሦስተኛውን ቤት ከሦስተኛው ኮከብ ከገውዝ ጋር፣ ገውዝንም ከጌታው ከዐጣርድ ጋር አስተባበሩ፤ ዐጣርድም የቃልና የጽሕፈት ኮከብ ስለሚባል ትምህርት ተከትሎት ገባ።

በእኛ አገር የወንድማማችነት ነገር በሌላ መንገድ ወደ ሐሳቡ ይገባል። በዐውደ ነገሥት ልማድ የሰው ኮከብ ከልደት ሰዓቱ አይፈለግም፤ የራሱ ስምና የእናቱ ስም ፊደላት በቍጥር ተመንዝረው ከተደመሩ በኋላ በ12 ይገደፋሉ፤ የተረፈው ቍጥር ኮከቡን ያስታውቃል። ለምሳሌ የእናቲቱ ስም ተገድፎ 5 ቢተርፍ፣ የታላቁም ልጅ ስም 3 ቢተርፍ ድምሩ 8 ነው፤ ኮከቡም አቅራብ ይሆናል። የታናሹ ስም 11 ቢተርፍ ግን ድምሩ 16 ሲሆን፣ 12 ተገድፎ 4 ይቀራል፤ ኮከቡም ሸርጣን ነው። በዚህ ሐሳብ የአንድ እናት ልጆች ኹሉ 5ትን በጋራ ይዘዋል። የአባት ብቻ የሆነ ወንድም ግን ይህን ድርሻ አያገኝም። በልደት ሰሌዳ ግን ወንድምነት የራሱ ክፍል አለው እንጂ በስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ የእናትም ሆነ የአባት ልጅ በአንድ ሦስተኛ ቤት ይታያል። ሆኖም በ2ኛው መቶ ዘመን የነበረው በጥሊሞስ ወንድሞችን ከሦስተኛው ቤት አልፈለገም። እርሱ የአንድ እናት ልጆችን ከእናት ስፍራ ይመረምር ስለ ነበር፣ በዚህ ነገር ከቫለንስ ይልቅ ለዐውደ ነገሥት ልማድ ይቀርባል። በህንድ ደግሞ ታናናሾች ብቻ ለሦስተኛው ቤት ሲተዉ ታላላቆች ለዐሥራ አንደኛው ይሰጣሉ።

የትምህርትና የጕዞ ወሰን በአዲስ አበባ ኑሮ ሲመዘን ትርጕሙ የበለጠ ይገለጻል። በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ከመሪጌታው ፊት ተቀምጦ ፊደል የሚቈጥር፣ ቀጥሎም ንባብና ዳዊት የሚደግም ልጅ የሦስተኛው ቤት ተማሪ ነው፤ ጧት ሄዶ ማታ ወደ እናቱ ይመለሳል፤ ታናሹንም እጁን ይዞ ይወስዳል። ያው ልጅ አድጎ አኰፋዳውን አንግቶ ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎጃም የወረደ እንደ ሆነ ግን የቆሎ ተማሪነቱ የዘጠነኛው ቤት ነገር ነው። እንደዚሁም ከቤቴል በታክሲ ወደ ጦር ኃይሎች ወይም ወደ መርካቶ ደርሶ መመለስ የሦስተኛው፣ ባሕር ተሻግሮ መሄድ የዘጠነኛው ነው። ወሰኑን የሚለየው የኪሎ ሜትር ብዛት ብቻ ሳይሆን ሰውየው ከለመደው ዘመድና ቋንቋ መውጣት አለመውጣቱ ነው።

እስካሁን የተባለው ቤቱ በትክክል ከተገኘ በኋላ የሚነበበውን የሚመለከት ነው። በኢትዮጵያ ለተወለደ ሰው ግን ዋናው ችግር ከዚያ በፊት ይመጣል። በአገራችን የቀን ሰዓት የሚቈጠረው ከጧቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሲሆን፣ ሰሌዳ የሚያወጡት ሠንጠረዦችና የኮምፒዩተር መሣሪያዎች ግን ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን ሰዓት ይጠይቃሉ። እናት «ከጧቱ 3 ሰዓት ተወለደ» ስትል በውጭው አቈጣጠር 9 ሰዓት ማለቷ ነው። ይህ ሳይለወጥ 3 ተብሎ ቢገባ ስሕተቱ 6 ሰዓት ነው። 6 ሰዓትም የምድር ዙረት ሩብ ስለ ሆነ ቤቶቹ በሦስት ይሳሳታሉ።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት መስከረም 13 ቀን 1990 ዓ.ም. ከጧቱ 3 ሰዓት በቤቴል የተወለደ ሕፃን እንውሰድ። ቀኑ በውጭው አቈጣጠር ሴፕቴምበር 23 ቀን 1997 ነው። ፀሐይ በዚያ ጧት ሚዛን ከጀመረች ገና የአንድ ዲግሪ ሩብ ያህል ብቻ ሄዳለች። ሰፈሩ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ፣ ከግሪንዊች ወደ ምሥራቅ 38 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ያህል ላይ ነው። ሰዓቱ በትክክል ተለውጦ 9 ተብሎ ሲሰላ በምሥራቅ የወጣው አቅራብ፣ 11ኛው ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ኹለተኛው ቤት ቀውስ፣ ሦስተኛው ጀዲ ይሆናል። የጀዲ ጌታ ዙሐል ነው፤ እርሱም በዚያ ዓመት በሐመል ስለ ነበረ በስድስተኛው ቤት ይገኛል። ፀሐይም በሚዛን ሆና በዐሥራ ኹለተኛው ቤት ትወድቃለች። ልማዱን የሚከተል አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ በወንድሞች መካከል ኃላፊነትና ድካም፣ ቀስ ብሎ ግን ጠንክሮ የሚያዝ ትምህርት ይተረጕማል።

ያው ልደት ሰዓቱ ሳይለወጥ 3 ተብሎ ቢሰላ በምሥራቅ የሚወጣው አሰድ ነው፤ እርሱም 11ኛው ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። አኹን ሦስተኛው ቤት ሚዛን ነው፤ ጌታውም ዝሁራ፤ ፀሐይ ራሷ በቤቱ ውስጥ ተቀምጣለች። ያው አንባቢ ይህን ሰሌዳ ቢያይ በወንድሞቹ መካከል ጎልቶ የሚታይ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ከሰፈር ሰፈር የሚመላለስ ልጅ ነው ይላል። ሕፃኑ አንድ፣ ቀኑም አንድ ሲሆን፣ ስለ ወንድሞቹና ስለ ትምህርቱ የሚነገረው ኹለት የማይገናኝ ነገር ሆነ።

ስሕተቱ ግን ሠንጠረዥ ሳይገለጥ ሊታወቅ ይችላል። ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ያሉት ቤቶች በጠቅላላው ከአድማስ በታች፣ ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ ኹለተኛው ያሉት ከአድማስ በላይ ናቸው። በቀን የተወለደ ሰው ፀሐይ ከአድማስ በላይ ሳለች ስለ ተወለደ፣ ፀሐይ በሰሌዳው ላይ በላይኛው ወገን መገኘት ይገባታል። ከጧቱ 3 ሰዓት ለተወለደ ሕፃን ፀሐይን በሦስተኛው ቤት የሚያሳይ ሰሌዳ፣ ፀሐይ ገና አልወጣችም ብሎ የሚመሰክር ስለ ሆነ፣ ሐሰት ነው። ሌላ የቤት አከፋፈል ቢወሰድ ፀሐይ አንድ ቤት ወዲህ ወይም ወዲያ ልትል ትችላለች፤ ተቃርኖው ግን አይጠፋም። የሌሊት ልደትም እንደዚሁ ይመረመራል፤ ፀሐይ በታችኛው ወገን ልትሆን ይገባል። ይሁን እንጂ ሌሊት የቀኑም ስም ይፈተናል፤ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ 8 ሰዓት» የተባለው በውጭው አቈጣጠር የማክሰኞ 2 ሰዓት ነው እንጂ የሰኞ አይደለም።

ከዚህ ያነሰ ሌላ ስሕተት ከኬንትሮስ ይመጣል። የኢትዮጵያ ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ቤቴል ከዚያ ወደ ምዕራብ 6 ዲግሪ ከ19 ደቂቃ ያህል ስለ ራቀች፣ የፀሐይ ሰዓቷ ከእጅ ሰዓቱ በ25 ደቂቃ ይዘገያል። በእጅ የሚያሰላ ሰው ይህን ቢረሳ ወጪው ኮከብ በ6 ዲግሪ ገደማ ይሳሳታል። ለምሳሌያችን ሕፃን 11ኛው ዲግሪ 17ኛ ቢባል አቅራብነቱ አይለወጥም፤ ሦስተኛው ቤትም ጀዲ ሆኖ ይቀራል። በኮከብ ፍጻሜ አጠገብ ለተወለደ ግን ወጪው ወደሚቀጥለው ኮከብ ተሻግሮ ሦስተኛው ቤት በአንድ ይዛወራል።

የስሌቱ ትክክል መሆን ግን የትርጕሙን እውነትነት አያስረዳም። ሾን ካርልሰን በ1985 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት ባወጣው ፈተና፣ ኮከብ ቈጣሪዎቹ የልደት ሰሌዳን ከባለቤቱ የጠባይ መግለጫ ጋር ሲያዛምዱ ውጤታቸው በዕጣ ከሚገኘው አልበለጠም። ስለዚህ ሦስተኛው ቤት ለባህል ተመራማሪ የሚያስረዳው የሰውየውን ዕጣ ሳይሆን፣ ሰዎች ወንድምን፣ ፊደልን፣ የቅርብ መንገድንና መልእክትን እንደ አንድ የኑሮ ክበብ ያዩ መሆናቸውን ነው። ሰሌዳዎችን ከቤተሰብ የሚሰበስብ ተማሪም ትርጕሙን ከመመዝገቡ በፊት ሰዓቱ በማን አቈጣጠር እንደ ተነገረና ፀሐይ በየትኛው ወገን እንዳለች መጠየቅ ይኖርበታል፤ አለዚያ የሚመረምረው የቤተሰቡን እምነት ሳይሆን የ6 ሰዓት ስሕተትን ይሆናል።