ነጥቧ የት ትቀመጥ? የገንዘብ ጥንድ፣ ፒፕ እና ሎት ለጀማሪ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ተሻገረ። ያን ቀን የባንኩን ሰሌዳ ያየ ሰው ሁሉ፣ የፎሬክስ ነጋዴዎች የገንዘብ ጥንድ የሚሉትን ነገር አይቷል። እነሱ ይህን ዋጋ USD/ETB ብለው ይጽፉታል። በግራ ያለው ገንዘብ የሚገዛው ነው፤ በቀኝ ያለው መክፈያው ነው። ቁጥሩም አንዱ የግራ ገንዘብ በቀኙ ስንት እንደሚያወጣ ይናገራል። በዓለም ላይ በብዛት የሚገበያዩበት ጥንድ ዩሮና ዶላር ነው። EUR/USD 1.0850 ከሆነ አንድ ዩሮ 1 ዶላር ከ8 ሳንቲም ተኩል ያወጣል ማለት ነው። ይህን ጥንድ የገዛ ሰው ዩሮ ገዝቶ ዶላር ሸጧል፤ የሸጠውም ሰው በተቃራኒው ዩሮ ሸጦ ዶላር ይዟል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲወጣ ዶላር እየረከሰ ነው።

ባንክ መግዣና መሸጫ ብሎ ሁለት ዋጋ እንደሚለጥፈው ሁሉ፣ የፎሬክስ ስክሪንም ሁለት ዋጋ ያሳያል። በ1.0850 ሸጦ በ1.0851 መግዛት ይቻል ይሆናል። የሁለቱ ልዩነት ስፕሬድ ይባላል። ገዝቶ ወዲያው የሸጠ ሰው ዋጋው ባይነቃነቅም ይህን ልዩነት ይከስራል።

በዚህ ምሳሌ ልዩነቱ አንድ ፒፕ ነው። ፒፕ በአብዛኞቹ ጥንዶች ከነጥቡ በኋላ አራተኛው አሃዝ በአንድ ሲለወጥ የሚቆጠር እርምጃ ነው፤ ከ1.0850 ወደ 1.0851። የጃፓን የን በቀኝ ባለባቸው ጥንዶች ግን ሁለተኛው አሃዝ ነው፤ ከ150.00 ወደ 150.01። ዩሮና ዶላር በተራ ቀን ከ50 ፒፕ በላይ ወጥቶ መውረዱ የተለመደ ነው። ይህ ግን ገና ገንዘብ አይደለም። ሃምሳ ፒፕ ለአንዱ ሃምሳ ሳንቲም፣ ለሌላው አምስት ዶላር፣ ለሦስተኛው አምስት መቶ ዶላር ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው ሎት ነው።

ሎት የግብይቱ መጠን ነው። አንድ ሙሉ ሎት 100,000 የግራ ገንዘብ ነው፤ በዩሮና ዶላር ጥንድ መቶ ሺህ ዩሮ። አንድ ፒፕ 0.0001 ዶላር ስለሆነ በ100,000 ሲባዛ 10 ዶላር ይመጣል። ሚኒ ሎት 10,000 ነው፤ በስክሪኑ 0.10 ተብሎ ይጻፋል፣ ፒፑም 1 ዶላር ነው። ማይክሮ ሎት 1,000 ነው፤ 0.01 ተብሎ ይጻፋል፣ ፒፑም 10 ሳንቲም ነው። ከቁጥሮቹ ሁሉ ጀማሪ በቃሉ ሊይዘው የሚገባው ይህን ነው፤ 0.01 ሎት ማለት በአንድ ፒፕ 10 ሳንቲም። የተቀረውን ከዚህ ተነስቶ ማስላት ይቻላል።

ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜያቸውን ዋጋው ይወጣል ወይስ ይወርዳል በሚለው ላይ ሲያጠፉት ያሳዝነኛል። ይህን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ግምቱ ቢሳሳት ምን ያህል እንደሚከስሩ ግን ግብይቱን ከመክፈታቸው በፊት ሊወስኑት የሚችሉት ነገር ነው።

አንዲት ጀማሪ 500 ዶላር አስገብታለች እንበል። በአንድ ግብይት ከመቶ ሁለት፣ ማለትም 10 ዶላር፣ በላይ ላለመክሰር ወስናለች። ዩሮውን በ1.0851 ገዝታ፣ ወደ 1.0826 ከወረደ ግብይቱ በራሱ እንዲዘጋ ስቶፕ ሎስ ልታስቀምጥ ነው። በመግቢያዋና በመውጫዋ መካከል 25 ፒፕ አለ። 10 ዶላር ለ25 ሲካፈል አንድ ፒፕ ከ40 ሳንቲም መብለጥ የለበትም። 0.01 ሎት 10 ሳንቲም ከሆነ፣ 40 ሳንቲም 0.04 ሎት ነው። ሜታትሬደር በሚባለው ፕሮግራም Volume በሚለው ሳጥን ውስጥ የምትጽፈው 0.04 ነው። ስቶፑን ከ25 ወደ 50 ፒፕ ብታርቀው ሎቱ ወደ 0.02 መውረድ አለበት፤ አለዚያ አደጋው እጥፍ ይሆናል። ብዙ ሰው ሎቱን እንደነበረ ትቶ ስቶፑን ብቻ ያርቃል።

በዚያ ሳጥን ውስጥ 0.40 ብትጽፍስ? ያው የ25 ፒፕ ስሕተት 100 ዶላር ይወስድባታል። 1.00 ብትጽፍ 250 ዶላር፣ የገንዘቧን ግማሽ። በ500 ዶላር የመቶ ሺህ ዩሮ ግብይት እንዴት ይከፈታል ቢባል፣ መልሱ ሌቨሬጅ ነው። ብሮከሩ ከጠቅላላው ዋጋ ጥቂቱን ብቻ ማርጂን ብሎ ይይዛል። አንድ ለአምስት መቶ በሚሰጥ ብሮከር ዘንድ ለ108,500 ዶላር ግብይት የሚያዘው 217 ዶላር ብቻ ነው። ቀሪው 283 ዶላር፣ ፒፑ በ10 ዶላር ሲሰላ፣ በ28 ፒፕ ያልቃል። ይህ ተራው ቀን ከሚያመጣው መዋዠቅ ያነሰ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ተራ ደንበኛ በዋና ዋናዎቹ ጥንዶች የሚፈቀድለት አንድ ለሠላሳ፣ በአሜሪካ ደግሞ አንድ ለሃምሳ ነው። ስለዚህ በእነዚህ አገሮች ሕግ የሚሠራ ብሮከር 500 ዶላር ይዛ 1.00 ሎት እንድትከፍት አይፈቅድላትም። ሌቨሬጁ ከፍተኛ በሆነበት ቦታ ግን የሚከለክላት የለም፤ የሎቱን መጠን የምትወስነው ራሷ ናት።

ሌላው ወጥመድ አምስተኛው አሃዝ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ብሮከሮች ዋጋውን 1.08502 አድርገው ያሳያሉ። መጨረሻ ላይ ያለችው 2 የፒፕ አሥረኛ ናት፤ ሜታትሬደርም ብዙ ቦታ የሚቆጥረው በዚህች አሥረኛ፣ ፖይንት ብሎ ነው። ስለዚህ ስቶፕ ሎስ በፖይንት በሚሞላበት ቦታ 25 የጻፈ ሰው ያገኘው 2.5 ፒፕ ነው፤ ግብይቱ በደቂቃ ውስጥ በኪሳራ ይዘጋና ሰውየው ብሮከሩ የዘረፈው ይመስለዋል። ማጣራቱ ቀላል ነው። በዲሞ አካውንት ዩሮና ዶላርን በ0.01 ሎት ከፍቶ አራተኛው አሃዝ በአንድ ሲንቀሳቀስ ሂሳቡን ማየት ነው። በ10 ሳንቲም ከተለወጠ የቆጠሩት ፒፕ ነው።

በየን ጥንድ ስሌቱ አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ የፒፑ ዋጋ የሚወጣው በቀኝ ባለው ገንዘብ ስለሆነ። በUSD/JPY 0.01 ሎት 1,000 ዶላር ነው። በ0.01 የን ሲባዛ አንድ ፒፕ 10 የን ይሆናል፤ ዶላር 150 የን በሆነበት ቀን ይህ ወደ 7 ሳንቲም ይጠጋል።

ስቶፕ ሎስም ዋስትና አይደለም። የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ጥር 15 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ሳይታሰብ ጥበቃውን አነሣ። በደቂቃዎች ውስጥ ዋጋው ከ1.00 በታች ወረደ። በ1.1950 ስቶፕ ያስቀመጡ ሰዎች በዚያ ዋጋ የሚገዛቸው አላገኙም፤ የተዘጋላቸው ከታች በተገኘው ዋጋ ነበር። በ1.20 ገዝቶ በ1.00 የወጣ ሰው 2,000 ፒፕ ከሰረ። 0.04 ሎት ለያዘ ይህ 800 ፍራንክ ነው፣ 1.00 ሎት ለያዘ 20,000 ፍራንክ። ብዙዎች ያስገቡትን ሁሉ አጥተው ለብሮከሩ ባለዕዳ ሆኑ፤ አልፓሪ የተባለው ድርጅት የእንግሊዝ ቅርንጫፍም በዚያው ሳምንት ከሠረ። በአውሮፓ ኅብረት የተራ ደንበኛ ኪሳራ ካስገባው ገንዘብ እንዳይበልጥ የሚከለክለው ደንብ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ነው።