ሩቡን የሚወስደው አንድ በመቶ

አሜሪካ ውስጥ ለጡረታው ፈንድ የሚገዛ ሰው በተለያየ መንገድ ይከፍላል። አንዳንዱ ክፍያ ሲገዙ አንዴ የሚቆረጥ ኮሚሽን ነው፤ 5 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ሌላው በየዓመቱ የሚወሰድ ነው፤ 1 በመቶ እንበል። ለዓይን የሚያስፈራው 5ቱ ነው። ገንዘቡ 30 ዓመት የሚቀመጥ ከሆነ ግን የበለጠ የሚጎዳው 1ዱ ነው።

እናስላው። 10,000 ዶላር በዓመት 7 በመቶ እያደገ ቢሄድና ምንም ክፍያ ባይኖርበት፣ ከ30 ዓመት በኋላ 76,100 ዶላር ገደማ ይሆናል። ኮሚሽኑ መጀመሪያ ላይ ከተቆረጠ 9,500 ዶላር ሥራ ይጀምርና 72,300 ይደርሳል። የጎደለው 3,800 ዶላር ያህል ነው። በየዓመቱ 1 በመቶ ሲወሰድ ግን ዕድገቱ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል፤ ገንዘቡም 57,400 ላይ ይቆማል። ከ18,000 ዶላር በላይ፣ ሩብ ያህሉ ሄዷል ማለት ነው።

ምክንያቱ፣ 1 በመቶው የሚሰላው በትርፉ ላይ ሳይሆን በጠቅላላው ገንዘብ ላይ ነው። ገንዘቡ ባደገ ቁጥር ክፍያውም ያድጋል፤ ገበያው በወደቀበት ዓመትም አይቀርም። በዚያ ላይ የተወሰደው ገንዘብ ሊያፈራው የነበረውም አብሮ ይቀራል። በመጀመሪያው ዓመት የተከፈለው 100 ዶላር በሂሳቡ ውስጥ ቢቆይ ኖሮ በመጨረሻው ከ700 ዶላር በላይ ይሆን ነበር።

ችግሩ የፈንዱ ዓመታዊ ወጪ ደረሰኝ የሌለው መሆኑ ነው። ኩባንያው በየቀኑ ከፈንዱ ሀብት ላይ ጥቂት ጥቂት ይቀንሳል፤ ባለገንዘቡ የሚያየው ከዚያ በኋላ የቀረውን ዋጋ ብቻ ነው። የአማካሪው ክፍያ ደግሞ ለብቻው ከሂሳቡ ይነሣል። ፈንዱ 0.75፣ አማካሪው 1 በመቶ የሚወስዱ ከሆነ 10,000ው ዶላር የሚደርሰው 46,400 ብቻ ነው። ገበያውን ተከትሎ የሚሄድና 0.05 በመቶ የሚያስከፍል የኢንዴክስ ፈንድ ግን 75,000 ያደርሰዋል።

ወጪውን ለማወቅ የፈንዱን ፕሮስፔክተስ ገልጦ የክፍያውን ሠንጠረዥ ማየት ነው። እዚያው 10,000 ዶላር ላይ የተሠራ የወጪ ምሳሌ አለ፤ ነገር ግን 10ኛው ዓመት ላይ ያቆማል። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ቀሪውን 20 ዓመት አንባቢው ራሱ ማስላት አለበት። በመሥሪያ ቤታቸው በኩል የሚቆጥቡ ደግሞ በየዓመቱ የሚላክላቸውን የክፍያ መግለጫ ሳያነቡ አያስቀምጡት።

ጥሩ አማካሪ ግብር በማስላትና ገበያው ሲወድቅ በድንጋጤ እንዳንሸጥ በማረጋጋት ሊጠቅም ይችላል። እንዲህ ያለው ምክር ግን በሰዓት ወይም በቁርጥ ዋጋም ይገኛል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የፈንዱንና የአማካሪውን ክፍያ ደምረው «በዚህ ዓመት ከሂሳቤ ስንት ዶላር ይወጣል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በመቶኛ ሳይሆን በዶላር ይቀበሉ።