ስለ ራስ ሲጻፍ፦ «ሠራሁ» ወይስ «ሠርተዋል»?

በአንድ ጉባኤ ላይ እንዲናገር ለተጋበዘ ሰው ከአዘጋጆቹ ቀድሞ የሚደርሰው መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ንግግሩ አይደለም። «እባክዎ ፎቶግራፍዎንና አጭር የሕይወት ታሪክዎን ይላኩልን» የሚል ነው። ፎቶው ወዲያው ይላካል። አጭር የተባለው ጽሑፍ ግን ገና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይቆማል። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው በግስ ነው፤ ግሱም ሲዘጋ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ያጋልጣል። «ሠራሁ» ካሉ ራስዎ ነዎት። «ሠራ» ወይም «ሠራች» ካሉ ስለ እርስዎ የሚያወራ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው፤ ያ ሰው ጾታዎን ያውቃል፣ እንደ እኩያም ያይዎታል። «ሠርተዋል» ካሉ ያው ሌላ ሰው ያከብርዎታል። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው አንደኛና ሦስተኛ መደብ ከሚሉት ከሁለቱ መርጦ ይገላገላል። የእኛው ጸሐፊ ሦስተኛውን መደብ ከመረጠ በኋላ ደግሞ ራሱን አንቱ ይበል አይበል ገና መወሰን አለበት።

ብዙዎች ነገሩን የትሕትናና የኩራት ጉዳይ አድርገው ያዩታል። «እኔ፣ እኔ» ማለት ጉራ፣ በሦስተኛ መደብ መጻፍ ደግሞ ጨዋነት ይመስላቸዋል። እኔ እንደማየው ጥያቄው ሌላ ነው፦ ጽሑፉ ከማን አፍ ነው የሚወጣው?

መድረኩን እንውሰድ። ጽሑፉን የሚያነበው የመድረክ መሪው ነው። «የተወለድኩት ደሴ ነው፤ ላለፉት አሥር ዓመታት በሕግ አማካሪነት ሠርቻለሁ» የሚል ወረቀት ቢሰጠው ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ እያንዳንዱን ግስ በአፉ መገልበጥ ይኖርበታል። ሁለቱን ያስተካክልና ሦስተኛው ላይ «ሠርቻለሁ» ይልና አዳራሹ ይስቃል። ስለዚህ ለመድረክ የሚላክ ጽሑፍ በሦስተኛ መደብ ይሁን፤ አንቱታውንም አይፍሩት። የመድረክ መሪው በሰው ፊት አንድን ባለሙያ «ተመረቀ፣ ሠራ» እያለ ቢያስተዋውቅ የሚያፍረው እሱ ነው። አክብሮቱ የእሱ እንጂ የጸሐፊው አይደለም። ልዩነት የሚኖረው ሙያው የራሱ ልማድ ካለው ነው፤ ጋዜጦቻችን ባለሥልጣንንና ሽማግሌን አንቱ ሲሉ ድምፃዊንና እግር ኳስ ተጫዋችን ብዙ ጊዜ በ«እሱ» እና በ«እሷ» ይጽፋሉ። የሌሎቹ ተናጋሪዎች ጽሑፍ በምን መልክ እንደመጣ አዘጋጆቹን መጠየቅም ነውር የለውም። ከአምስት ሰዎች አራቱ አንቱ ተብለው አንዱ ብቻ «እሱ» ከተባለ ታዳሚው ያንን ሰው ታናሽ አድርጎ ያየዋል።

የመጽሐፍ ጀርባም እንደ መድረክ ነው። «ስለ ደራሲው» የሚለውን የሚናገረው አሳታሚው ነው ተብሎ ስለሚታሰብ በሦስተኛ መደብ ይጻፋል። ያው ደራሲ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ምስጋናውንና መግቢያውን «አመሰግናለሁ» ብሎ በራሱ አንደበት ይጽፋል፤ ማንም አይደናገርም።

ሦስተኛው መደብ ከሚሰጠው ሁሉ ትልቁ ምስክርነት ነው። «ታዋቂ»፣ «አንጋፋ»፣ «ስመ ጥር» የሚሉት ቃላት ከሌላ ሰው አፍ ሲወጡ ይሰማሉ። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። አንባቢው ጽሑፉን ባለቤቱ ራሱ እንደጻፈው ካወቀ፣ ምስክሩና ባለጉዳዩ አንድ ሰው ሆነው ይገኛሉ። ሊንክድኢን ላይ ይህ በጣም ይታያል። ገጹ በራስዎ ስምና ፎቶ የተከፈተ ነው፤ ስለ ራስ የሚጻፍበት ክፍል 2,600 ፊደልና ምልክት ይይዛል፤ የሚሞላውም ባለቤቱ እንደሆነ የማያውቅ የለም። እዚያ ላይ «እኚህ አንጋፋ ባለሙያ» ብሎ መጻፍ ለራስ ወንበር ለቆ መነሣት ይመስላል። በእንዲህ ያለው ገጽ ላይ ያለ ማወላወል አንደኛ መደብ ነው የሚሻለው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድበት። አንዲት የውኃ መሐንዲስ ለአንድ ጉባኤ ይህን ላከች እንበል፦

«ኢንጂነር እገሊት በውኃው ዘርፍ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያበረከቱ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው። ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በመስኖ ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ በገጠር የመጠጥ ውኃ ሥራ ለ14 ዓመታት በትጋት አገልግለዋል። ለሥራቸው ባላቸው ጥልቅ ፍቅርና ቁርጠኝነት ይታወቃሉ።»

ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ለጆሮም አይከፋም። አሁን ግሶቹን ብቻ ወደ አንደኛ መደብ እንገልብጣቸው። «ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያበረከትኩ አንጋፋ ባለሙያ ነኝ። … በትጋት አገልግያለሁ። … ባለኝ ጥልቅ ፍቅርና ቁርጠኝነት እታወቃለሁ።» ይህን በሰው ፊት ቆሞ የሚናገር የለም። ሳያፍሩ የሚነገሩት ዲግሪውና 14 ዓመቱ ብቻ ናቸው፤ የቀረው አንደኛው መደብ ሲነካው ረገፈ። ለሦስተኛ መደብ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ማጥሪያ አላውቅም፦ መጀመሪያ በ«እኔ» ይጻፍ፤ ለመናገር የሚያሳፍረው ሐረግ ይውጣ፤ ከዚያ ወደ «እርሳቸው» ይመለስ።

የወጣው ቦታውን ባዶ ጥሎ ስለሚሄድ በሥራ መሞላት አለበት። መሐንዲሷ 14ቱን ዓመታት ምን ስትሠራ እንደቆየች ብንጠይቃት ጽሑፉ እንዲህ ይሆናል፦

«ኢንጂነር እገሊት የገጠር የመጠጥ ውኃ ባለሙያ ናቸው። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መስኖ ምህንድስና ተምረው ላለፉት 14 ዓመታት ጉድጓድ ሲያስቆፍሩና የእጅ ፓምፕ ሲያስተክሉ ቆይተዋል። አሁን የሚያጠኑት ፓምፖቹ ከተተከሉ በኋላ ለምን እንደሚበላሹና መለዋወጫቸው ከየት እንደሚገኝ ነው። የዛሬው ንግግራቸውም በዚሁ ላይ ያተኩራል።»

የመድረክ መሪው ይህን ሳይደናቀፍ ያነበዋል፤ ታዳሚውም ምን እንደሚሰማ አውቆ ይጠብቃል። ለራሷ ገጽ ስትጽፍ ግን ግሱን ብቻ ገልብጣ ብታቆም ዕድል ታባክናለች። አንደኛው መደብ ሦስተኛው የማይችላቸውን ሁለት ነገሮች ይችላል፦ የውስጥን መናገርና አንባቢውን ማነጋገር። «ጉድጓድ ሳስቆፍር 14 ዓመት ሆነኝ። አሁን እንቅልፍ የሚነሣኝ ቁፋሮው አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ተበላሽቶ የሚቆመው ፓምፕ ነው። መለዋወጫ በማቅረብ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ ጻፉልኝ።» «እንቅልፍ የሚነሣቸው» ብንለው ሌሊት መኝታ ቤታቸው የገባ ሰው ያወራ ይመስላል። «ጻፉልኝ» የሚለው ደግሞ በሦስተኛ መደብ ቦታ የለውም። ሥራ፣ ደንበኛ ወይም ተባባሪ የሚፈልግ ሰው በ«እርሳቸው» ሲጽፍ በሩን ዘግቶ እንግዳ እንደሚጠብቅ ነው።

አንዱን ወደ ሌላው ሲገለብጡ የሚፈጠረው ስሕተት በአማርኛ ይደበቃል። በእንግሊዝኛ «እኔ» የሚለውን ቃል ፈልጎ መለወጥ አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳል። በእኛ ቋንቋ ግን «እኔ» መጀመሪያውኑ ላይጻፍ ይችላል፤ መደቡ ያለው በቃሉ ጫፍ ነው። «ተምሬ» «ተምረው» ካልሆነ፣ «ልጆቼ» «ልጆቻቸው» ካልሆነ፣ «ሽልማት የሰጠኝ» «የሰጣቸው» ካልሆነ፣ ጽሑፉ መሀል ላይ አፉን ይቀይራል። የሚያመልጠውም ዋናው ግስ ሳይሆን በዓረፍተ ነገሩ ሆድ ውስጥ ያለው «ሠርቼ» እና «ባለኝ» ነው። ጮክ ብሎ ማንበብ ይረዳል። ከዚያ ይልቅ የሚሻለው ግን ጽሑፉን ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያው እየሄዱ የእያንዳንዱን ቃል ጫፍ ማየት ነው፤ ወደ ፊት ሲያነቡ ትርጉሙ ይዞ ይሄዳልና። አንቱታ ከተመረጠ ደግሞ እስከ መጨረሻው ይጽና። በ«ናቸው» ተጀምሮ በ«ትኖራለች» የሚያልቅ ጽሑፍ በየፕሮግራሙ መጽሔት ላይ አይጠፋም።

አንቱታ ጾታንም ይሸፍናል። «ተመረቁ» የወንድም የሴትም ነው። እንደ ዓለም ወይም ጸጋ ላሉት ለወንድም ለሴትም ለሚወጡ ስሞች «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ካልተጨመረ አንባቢው እስከ መጨረሻው አያውቅም። አንዳንዱ ይህን ሆን ብሎ ይመርጠዋል፤ ሳያስብበት የሚያደርገው ግን መድረክ ላይ ሲወጣ ሰው ይገረማል።

በሦስተኛ መደብ ሌላም ወጥመድ አለ፤ የልቅሶው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በ19… ዓ.ም ተወለዱ» የሚለው አጀማመር ለጆሯችን የቀብር ሥነ ሥርዓት ነው። እዚያ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ በትውልድ ይጀምራል፣ በትምህርት ያልፋል፣ በሥራ ያበቃል። ከትውልድ የሚጀምር የሙያ ጽሑፍ የሰማ ታዳሚ ሳያውቀው ባለቤቱን ይሸኛል። ሙያውን ከፊት፣ ትምህርቱን ከኋላ ማድረግ ይህን ስሜት ወዲያው ያጠፋዋል። የትውልድ ቦታ ለሥራው ካልጠቀመ ቢቀርም አይጎድልም።

በውጭ ለሚኖሩ ወይም በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ ወገኖች ደግሞ ሦስተኛው መደብ የስም ጣጣ ያመጣል። የውጭ አርታኢ ስምዎን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሣ የመጨረሻውን ስም ይጠቀማል፤ የእኛ የመጨረሻ ስም ግን የአባት ነው። እንግዲህ የተመረቀችው፣ የተሸለመችውና ሁለት መጽሐፍ ያሳተመችው ልጂቱ ሆና ሳለ፣ ጽሑፉ ይህን ሁሉ በአባቷ ስም ያወራል። ታላላቅ የዜና አውታሮች ጠቅላይ ሚኒስትሩን በሁለተኛ መጠሪያ «ዐቢይ» ነው የሚሏቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ዋና ዳይሬክተሩን «ዶክተር ቴድሮስ» ይላል። ስለዚህ የራስን ስም መድገም ተቀባይነት ያለው ልማድ ነው፤ በኢሜይሉ ላይ «እባክዎ በሁለተኛ ጊዜ በመጀመሪያ ስሜ ይጥሩኝ» ብሎ አስቀድሞ መንገር ይበቃል። በአንደኛ መደብ የተጻፈ ጽሑፍ ስምን መድገም ስለማያስፈልገው ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ሁለቱንም አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ በሃምሳ ቃል ገደማ የሚነበብ አንድ በ«እርሳቸው»፣ ለራስ ገጽ የሚሆን ረዘም ያለ አንድ በ«እኔ»። የሚያረጁት ግን እኩል አይደለም። የራስዎን ገጽ ሥራ በቀየሩ ማግስት ያስተካክሉታል። ለሌላ ሰው የላኩት ግን ከእጅዎ ወጥቷል፤ «በአሁኑ ጊዜ … ናቸው» የሚለው ዓረፍተ ነገር መሥሪያ ቤቱን ከለቀቁ ከዓመታት በኋላም በሌላ አዘጋጅ ተቀድቶ ሊነበብ ይችላል። በሦስተኛ መደብ በሚላከው ላይ «በአሁኑ ጊዜ» በሚለው ፈንታ «ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ» ማለት፣ ከፋይሉ ስም ጎንም የተጻፈበትን ወርና ዓመት ማስፈር ይህን ያቀልለዋል።