ደመወዝ ተጨምሮም «እለቃለሁ» ሲባል

በአዲስ አበባ አንድ የግል አስመጪ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ እናስብ። የሥራ መልቀቂያዋን ጥር 6 ቀን አስገብታለች። ከሁለት ቀን በኋላ ሥራ አስኪያጁ አስጠሯትና «ምን ጎደለብሽ? ደመወዝሽን እናስተካክላለን፤ ደብዳቤውን ተይው» አሏት። እሷ ግን ሌላ ቦታ ፈርማለች።

እንዲህ ሲሆን ብዙዎቻችን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ይከብደንና «እስቲ ላስብበት» ብለን እንወጣለን። ለእኛ ጨዋነት ነው፤ አለቃ ግን ተስፋ ያደርግበታል። ተተኪ መፈለግ ይቆማል፣ ርክክቡ ይጓተታል፣ ከሳምንት በኋላም «ተስማምተን አልነበር እንዴ?» ይመጣል። ቁርጡን እዚያው መናገር ይሻላል፦ «ስላሰቡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ወስኛለሁ፤ እስከ የካቲት 6 ድረስ ሥራዬን በሚገባ አስረክባለሁ።»

ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። «ደመወዙ አንሶኝ ነው» ካሉ ገንዘቡ ከፍ ይላል፤ «ቤቴ ራቀኝ» ካሉ ሰርቪስ ይመደባል። የአዲሱን መሥሪያ ቤት ክፍያ መጥቀስማ ጨረታ መክፈት ነው።

የካቲት 6 እንዲሁ የተመረጠ ቀን አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ቆጠራው ደብዳቤው ከገባበት ቀን ቀጥሎ ካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን፣ በዚህ ምሳሌ ከጥር 7 ይጀምራል። የአለቃ ፈቃድ አይጠየቅም። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የሄደ ሠራተኛ ግን እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። የመንግሥት ሠራተኞችና የሥራ መሪዎች በዚህ አዋጅ ስለማይተዳደሩ የራሳቸውን ሕግና ውል ይመልከቱ።

የቢሮው ንግግር ማስረጃ ስለሌለው በዚያው ዕለት አጭር ደብዳቤ ይከተለው፦

«ጥር 6 ቀን ያስገባሁትን የሥራ መልቀቂያ በተመለከተ ዛሬ ስለቀረበልኝ የደመወዝ ማሻሻያ አመሰግናለሁ። ሆኖም ማሻሻያውን የማልቀበል መሆኑንና መልቀቂያዬ የጸና መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ። የመጨረሻ የሥራ ቀኔ የካቲት 6 ስለሆነ ርክክብ የማደርግለት ሰው እንዲመደብልኝ እጠይቃለሁ።»

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ደብዳቤ ቀን መጠቀሱ ነው። ካልተጠቀሰ አዲሱ ደብዳቤ እንደ አዲስ መልቀቂያ ተቆጥሮ 30ው ቀን እንደገና ይጀምር የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዘው መዝገብ ቤት ይሂዱ፤ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርገው ለራስዎ ያስቀሩ። አለቃው «እኔ ጋ ይቆይ» ቢሉም በትሕትና ቅጂዎ ላይ ያስፈርሟቸው።

ክሊራንሱ ካለቀ በኋላ የሥራ ልምድ ማስረጃዎን ይጠይቁ፤ አሠሪው የመስጠት ግዴታ አለበት። ቀሪ ደመወዝና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ክፍያም ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት።