የከርሞን ወለድ ዛሬ ማስላት

ገበያው ለአንድ ዓመት ብድር 4 በመቶ፣ ለሁለት ዓመት ብድር ደግሞ በዓመት 5 በመቶ ወለድ ይከፍላል እንበል። የሁለቱ ዓመት ወለድ ከዋናው ጋር ተደምሮ መጨረሻ ላይ ይከፈላል። ሁለቱም ብድሮች ዛሬ የሚጀምሩ በመሆናቸው ወለዳቸው ስፖት ሬት ይባላል። ከእነዚህ ከሁለቱ ቁጥሮች ውስጥ ማንም ያልጠራው ሦስተኛ ወለድ ይወጣል።

አንድ ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ለሁለት ዓመት ቢበደር 1,102,500 ዶላር ይሆናል። ለአንድ ዓመት ብቻ ቢበደር ግን ከርሞ 1,040,000 ዶላር ሆኖ ይመለሳል። ይህ ገንዘብ በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያውን እንዲደርስበት 62,500 ዶላር መውለድ አለበት፤ ይህም 6.01 በመቶ ገደማ ነው። ከርሞ ለሚጀምረው የአንድ ዓመት ብድር ዛሬ የሚወሰነው ይህ ወለድ ፎርዋርድ ሬት ይባላል።

አንድ ባንክ ከዚህ ወርዶ፣ «ከርሞ ለአንድ ዓመት በ5.5 በመቶ አበድራለሁ» ብሎ ዛሬ ቢዋዋልስ? ነጋዴው አንድ ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ዓመት በ4 በመቶ ተበድሮ፣ ያንኑ ለሁለት ዓመት በ5 በመቶ ያበድራል። በዓመቱ የሚጠበቅበትን 1,040,000 ዶላር ከባንኩ በ5.5 በመቶ ወስዶ ይከፍላል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 1,102,500 ይቀበላል፣ ለባንኩ 1,097,200 ይመልሳል። ከኪሱ ምንም ሳያወጣ 5,300 ዶላር ይቀረዋል። አርቢትራጅ የሚባለው ይህ ነው። ትርፉን ያዩ ሁሉ ወደዚያ ባንክ ስለሚጎርፉ ባንኩ ወለዱን ከፍ ለማድረግ ይገደዳል። ባንኩ በ7 በመቶ ቢዋዋል ደግሞ ነጋዴዎች ለሁለት ዓመት ተበድረው፣ ለአንድ ዓመት አበድረው፣ የሚመለሰውን ገንዘብ ከርሞ ለባንኩ በማበደር ያተርፋሉ።

ይህ ስሌት ግን ሁለት ነገሮችን እንደ ዋዛ አልፏል። የመጀመሪያው፣ ማንም በሚያበድርበት ወለድ አይበደርም። ነጋዴው ሲበደር በሁለቱም ጊዜያት 0.3 በመቶ ቢጨመርበት፣ ከ5.7 እስከ 6.6 በመቶ ገደማ ባለው ክልል ውስጥ የሚያተርፍበት መንገድ የለም። ስለዚህ ፎርዋርዱ አንድ ነጥብ ሳይሆን ክልል ነው።

ሁለተኛው፣ ተበዳሪው ሁሉ ይከፍላል ተብሎ ታስቧል። እስከ 2007 አጋማሽ በባንኮች መካከል ከሦስትና ከስድስት ወር ብድር የሚሰላው ፎርዋርድ፣ ለዚያው ጊዜ ከሚሸጠው የወለድ ውል ጋር ይቀራረብ ነበር። በነሐሴ 2007 የብድር ቀውሱ ሲፈነዳ ስሌቱ ከውሉ በላይ ሆነ። በወረቀት ላይ ትርፍ ይታይ ነበር፤ ለመውሰድ ግን ለስድስት ወር ሊከስር ለሚችል ባንክ ማበደር፣ ራስም በሦስተኛው ወር አዲስ አበዳሪ ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ውሉ ወለዱን እንጂ ብድሩን አያረጋግጥም።

6.01ም የከርሞ ወለድ ትንቢት አይደለም። ገንዘቡን ለረጅም ጊዜ ማሰር የሚያስጠይቀው ተጨማሪ ክፍያ ሊኖርበት ይችላልና፣ ከርሞ የሚመጣው ወለድ ከዚያ ቢወርድ ስሌቱ ተሳስቷል አያሰኝም። ቁጥሩ የሚናገረው ዛሬ በየትኛው ዋጋ መዋዋል ለሌላው ነጻ ትርፍ እንደማይሰጥ ብቻ ነው።