ትርፉ ተወሰነ እንጂ ገና አልተከፈለም

ሦስት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ የእንጨት ሥራ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋሙ እንበል። ያዋጡት 600,000 ብር የማኅበሩ ካፒታል ነው። ሥራው ሰመረላቸውና በሁለት ዓመት ውስጥ ግብር ከተከፈለ በኋላ 400,000 ብር ተረፈ። ሳይከፋፈል እዚያው ስለቆየ ያልተከፋፈለ ትርፍ ይባላል። በሕግ ለመጠባበቂያ የሚነሣውን ለጊዜው እንተወውና፣ የባለድርሻዎቹ የተጣራ ሀብት 1,000,000 ብር ደረሰ።

ብዙ ባለድርሻ እዚህ ላይ ይሳሳታል። 400,000 ብሩ ባንክ የተቀመጠ ይመስለዋል። ግን ትርፉ ጣውላ ሆኗል፣ መሰንጠቂያ ማሽን ሆኗል፣ ደንበኛ ገና ያልከፈለው ዱቤ ሆኗል። የባንኩ ደብተር 90,000 ብር ብቻ ያሳያል። ያልተከፋፈለ ትርፍ የሚነግረን ከማኅበሩ ንብረት ውስጥ ምን ያህሉ በሥራ እንደተገኘ እንጂ ንብረቱ በጥሬ ገንዘብ ይኑር አይኑር አይደለም።

ባለድርሻዎቹ ጥቅምት ላይ ተሰብስበው 150,000 ብር የትርፍ ድርሻ እንዲከፈል ወሰኑ። በዚያ ቀን ከባንክ አንድ ብር አልወጣም። ሒሳቡ ግን ተለውጧል፤ ያልተከፋፈለው ትርፍ ወደ 250,000 ብር ወርዶ፣ 150,000 ብር «ለባለድርሻዎች ተከፋይ» ተብሎ ዕዳ ሆኖ ተመዘገበ። የተጣራ ሀብቱም 850,000 ብር ሆነ። ካፒታሉ አልተነካም። ገንዘቡ ታኅሣሥ ላይ ሲከፈል ጥሬ ገንዘቡና ዕዳው አብረው ይቀንሳሉ፤ የተጣራው ሀብት ግን ጥቅምት ላይ ስለቀነሰ ከእንግዲህ አይነካም። ውሳኔው ከዓመቱ መዝጊያ በኋላ ስለተላለፈም ሰኔ 30 በተዘጋው ሒሳብ ላይ ዕዳ ሆኖ አይገባም።

እንግዲህ ማኅበሩ በ90,000 ብር 150,000 ብር ሊከፍል ነው። ዱቤው ካልተሰበሰበ ወይ ይበደራል፣ ወይ ለሠራተኛ ደመወዝና ለጣውላ የሚያስፈልገውን ይከፍልበታል። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ከትርፉ እኩል የባንኩን ቀሪና የሚሰበሰበውን ዱቤ ማየት ግድ ነው።

ሌላው ስሕተት የትርፍ ድርሻን ወጪ አድርጎ መመዝገብ ነው። ወጪ ትርፍን ይቀንሳል፤ ድርሻ ግን ከተገኘ ትርፍ የሚታደል ነው። ወጪ ከሆነ የዓመቱ ትርፍ ያነሰ መስሎ ይታያል፣ የግብር ስሌቱም ይዛባል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ትርፍ ሳይኖር ማከፋፈል ነው። በሦስተኛው ዓመት 300,000 ብር ቢከስሩ፣ የ250,000 ብሩ ትርፍ ያልቅና 50,000 ብር የተጠራቀመ ኪሳራ ይቀራል። የተጣራ ሀብቱ 550,000 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት 40,000 ብር ቢያተርፉም ገና ኪሳራው አልተሸፈነም። ያኔ ባለድርሻ በድርሻ ስም የሚወስደው ገንዘብ፣ አበዳሪዎችና ጣውላ አቅራቢዎች ተማምነውበት ያበደሩበት የራሱ የካፒታሉ ገንዘብ ነው።