ወረቀት፣ ጨርቅ ወይስ ብረት? ስለ ቡና ማጣሪያ ማወቅ የሚገባዎ

ጀበና ማጣሪያ አይፈልግም። ከእሳት ወርዶ ማቶቱ ላይ ጋደል ብሎ ሲቀመጥ አተላው ከሆዱ ሥር ይሰክናል፤ የምትቀዳዋም ሳታቋርጥ በቀጭኑ ታወርደዋለች። በአንዳንድ ቤት ደግሞ አፉ ላይ የፈረስ ጭራ ይወተፋል። ከዚያ የቀረውን ሥራ የሚሠራው ጊዜ ነው።

በየቢሮው የገባው የቡና ማሽንም ሆነ ፍል ውኃ በእጅ እየተንቆረቆረበት የሚወርደው ቡና ግን እስኪሰክን አይጠበቅም። ውኃው ቡናውን አልፎ ወዲያው ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የሚጠጣው ነገር ምን እንደሚመስል የሚወስነው መካከል ላይ ያለው ማጣሪያ ነው። ወረቀቱ ተጠቅመው የሚጥሉት ነው፤ ጨርቁና ብረቱ እየታጠቡ ይሠራሉ። በየቀኑ ወረቀት መግዛት የሰለቸው ሰው ወደ ሁለቱ ዞር ከማለቱ በፊት በጣዕም፣ በአተላ፣ በወጪና በእጥበት ምን እንደሚለውጥ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

የሚያልፈውና የሚቀረው

ማጣሪያዎቹ የሚለያዩት በሁለት ነገር ነው፤ በደቃቅ ብናኝና በቅባት። ወፍጮው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከተፈጨ ቡና ውስጥ እንደ አቧራ የላመ ብናኝ አይጠፋም። በሙቀጫ የተወቀጠ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቅባቱም ቀላል አይደለም፤ የአረቢካ ቡና ፍሬ 15 በመቶ የሚጠጋው ቅባት ነው።

ወረቀት ጥቅጥቅ ያለ የቃጫ ንጣፍ ስለሆነ ብናኙን ይይዛል፣ ቅባቱንም ይመጣል። ለዚህ ሥራ የዋለው ገና በ1908 ነው። በጀርመን ድሬስደን ከተማ ትኖር የነበረችው ሜሊታ ቤንትዝ በቡናዋ መምረርና በአተላው ተማርራ የናስ ዕቃ ሥሩን በሳችው፤ ከልጇ ደብተር ያወጣችውን ቀለም መምጠጫ ወረቀት ውስጡ አንጥፋ ቡናውን አጣራችበት። በዚያው ዓመት የፈጠራ መብቱን አስመዘገበች፤ የመሠረተችውም ድርጅት እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል።

የብረት ማጣሪያ በአንጻሩ ወንፊት ነው። ከቀዳዳው የሚተልቀውን ያስቀራል እንጂ የሚመጠው ነገር የለም። ስለዚህ ቅባቱ ሁሉ ያልፋል፣ ከላመው ብናኝም ብዙው ይከተላል። ጨርቅ በሁለቱ መካከል ይገባል፤ ብናኙን ከሞላ ጎደል ይይዛል፣ ከቅባቱ ግን ከወረቀት የበለጠ ያሳልፋል።

አንድ ቡና በሦስት ማጣሪያ

ልዩነቱን ቤት ውስጥ መፈተሽ ይቻላል። 20 ግራም ቡና፣ ማለትም ልሙጥ አራት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ እንደ ገበታ ጨው መጠን አድርገው ይፍጩ። 320 ሚሊ ሊትር ውኃ ያፍሉ። መጀመሪያ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ አፍስሰው 40 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ቡናው አረፋ አውጥቶ ያብጣል። የቀረውን ቀስ ብለው እያዞሩ ያንቆርቁሩ። በወረቀት ሲሆን ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ወርዶ ያልቃል። ባሕር ጠረፍ ባለ ከተማ የሚኖር ሰው ውኃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቢያበርደው ይሻላል። አዲስ አበባ ግን ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ እንደፈላ ማፍሰስ ነው።

በወረቀት የወረደውን ቡና በብርጭቆ ይዘው ወደ ብርሃን ቢያዩት እንደ ሻይ ጥርት ያለ ነው። እንደ ይርጋ ጨፌ ባለ የታጠበ ቡና ላይ የአበባና የሎሚ የሚመስለው ሽታ ጎልቶ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ምላስ ላይ ግን ቀለል ይላል።

በብረት የወረደው ድፍርስ ነው፤ ፊቱ ላይ የሚያብለጨልጭ የቅባት ጠብታ ይታያል። አፍ ሲሞሉት ወፈር ይላል። ሳይታጠብ ከነገለባው በደረቀ የሐረር ቡና ላይ ይህ ውፍረት የሚወደድ ነው። ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ግን ከሥሩ ጭቃ የመሰለ አተላ ይተኛል፤ የመጨረሻዋን ጉንጭ መተው ነው። በጨርቅ የወረደው የብረቱ ውፍረት አለው፣ አተላው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጃፓን ውስጥ ፍላኔል፣ ኮስታ ሪካ ውስጥ ደግሞ በእንጨት መቆሚያ ላይ የሚንጠለጠል የጨርቅ ከረጢት እስከ ዛሬ የሚወደዱት ስለዚህ ነው።

ብረት ላይ ብዙ ሰው የሚቸገርበት አንድ ነገር አለ። ወንፊቱ ውኃውን ስለማያዘገየው ቡናው ሳይወጣለት በ2 ደቂቃ ወርዶ ያልቃል፣ ጣዕሙም ይሳሳል። ይህን ለማስተካከል ቡናውን ካላሙት አተላው ይበዛል። መውጫው በተቃራኒው ነው፤ ትንሽ ክርትፍ አድርጎ መፍጨት፣ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ማፍሰስ፣ ቡናውንም ከ20 ወደ 22 ግራም ከፍ ማድረግ። በሙቀጫ የተወቀጠ ከሆነ በደቃቅ ወንፊት ነፍቶ ዱቄቱን ማስወገድ አተላውን በግልጽ ይቀንሰዋል።

ሂሳቡ

ዋጋ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በአካባቢው ዋጋ ይተካቸው። 100 ወረቀት 500 ብር ነው እንበል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚያፈላ ቤት በዓመት 730 ወረቀት ይጨርሳል፤ ይህም 3,650 ብር ነው። የብረቱ ማጣሪያ 2,500 ብር ቢሆን ከስምንት ወር ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ዋጋውን የመለሰ ይመስላል።

ነገር ግን ያቺ የተጨመረች 2 ግራም ቡና አለች። በቀን ሁለት ጊዜ ስትጨመር በዓመት 1,460 ግራም ትሆናለች። ኪሎ ቡና በ1,000 ብር ቢታሰብ 1,460 ብር መሆኑ ነው። ስለዚህ የብረቱ የመጀመሪያ ዓመት ወጪ 3,960 ብር ይመጣና ከወረቀቱ ይበልጣል። ትርፉ የሚታየው ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። ጨርቅ በየሦስት ወሩ ቢቀየርና አንዱ 300 ብር ቢሆን በዓመት 1,200 ብር ነው፤ ተጨማሪ ቡናም አይጠይቅም። ከሦስቱ ርካሹ እሱ ነው፤ በገንዘብ ያልተከፈለው ግን በእጅ ሥራ ይከፈላል።

እጥበቱ

ወረቀት የሚታጠበው ከማፍላት በፊት ነው። ማጠፊያው ላይ አጥፈው፣ ማንጠባጠቢያው ውስጥ አስገብተው ፍል ውኃ ያፍስሱበትና ውኃውን ይድፉት። የወረቀት ጣዕም በዚህ ይሄዳል። ቡናማው ወረቀት ከነጩ የበለጠ የወረቀት ጣዕም ስለሚሰጥ በርከት ባለ ውኃ ይለቅለቅ። ሲያበቃ ከነአተላው አፈር ውስጥ ቢቀበር ይበሰብሳል።

ብረቱን አተላው ሳይደርቅበት አራግፎ ከውጭ ወደ ውስጥ በሚሄድ ውኃ ማጠብ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ከሆነ ብናኙ ቀዳዳው ውስጥ ይሰነቀራል። ይሁንና በየቀኑ ቢለቀለቅም ቅባቱ ቀስ በቀስ ይጋገርበታል። ይህን ማወቂያው ሁለት ነው። አንደኛው ሰዓት ነው፤ ያው ቡና፣ ያው አፈጫጭ ሆኖ በ2 ደቂቃ ይወርድ የነበረው 4 ደቂቃ ከፈጀ ተደፍኗል ማለት ነው። ሁለተኛው ብርሃን ነው፤ አድርቀው ወደ መስኮት ይያዙት፣ የጠቆረ ቦታ ካለ ቀዳዳው ተዘግቷል። መፍትሔው በ1 ሊትር ፍል ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ ለግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ማሸትና ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው። ማጣሪያው ከማይዝግ ብረት ሳይሆን ከአሉሚኒየም የተሠራ ከሆነ ግን ሶዳ ያጠቁረዋል። የብረት መፈግፈጊያም ወንፊቱን ስለሚቀድ አይነካው። ከውኃ የሚመጣ ነጭ ዝቃጭ ካለበት የሚለቀው በሶዳ ሳይሆን በሎሚ ወይም በአቼቶ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መቀላቀል ግን አንዱ የሌላውን ኃይል ከማጥፋት ሌላ ጥቅም የለውም።

ከባዱ ጨርቁ ነው። አዲስ ጨርቅ አሞ ስላለበት መጀመሪያ 10 ደቂቃ ይቀቀል። ከዚያ በኋላ ሳሙና አይንካው፤ ሽታው ቃጫው ውስጥ ይቀርና ከቡናው ጋር ይጠጣል። ቡናው እንደወረደ አተላውን አራግፎ በሙቅ ውኃ እያሹ ማጠብ ነው። ዋናው ነገር እንዲደርቅ አለመተው ነው። ጨርቁ ላይ የቀረው ቅባት አየር ሲያገኘው ይሻግታል፣ ቀጥሎ የሚፈላውን ቡናም ያበላሻል። ስለዚህ ክዳን ባለው ዕቃ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ተዘፍቆ ፍሪጅ ይቀመጣል፣ ውኃውም በየቀኑ ይለወጣል። ፍሪጅ ከሌለ በየቀኑ ቀቅሎ ውኃውን ጠዋትና ማታ መለወጥ ያስፈልጋል። ጨርቁ ቡናማ መሆኑ ምንም አይደለም፤ መመዘኛው ሽታው ነው። ከተቀቀለም በኋላ የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ ወይም ቡናውን ከ5 ደቂቃ በላይ የሚያስጠብቅ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል።

ሐኪም ለመከረው ሰው

ኮሌስትሮል አለብህ የተባለ ሰው ምርጫው ይጠብበታል። በሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ከተማ የተደረገው የልብ ጤና ጥናት በ1983 ቡና አብዝተው የሚጠጡ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ፤ በአካባቢው ብዙ ሰው የሚጠጣው ተፈልቶ ያልተጣራ ቡና ነበር። በኋላ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከቡናው ቅባት ውስጥ አገኙት፤ ካፌስቶል የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ወረቀት አብዛኛውን ያስቀረዋል፣ ብረት ያሳልፈዋል፣ ጨርቅ በመካከል ነው። በቀን አንድ ሲኒ ለሚጠጣ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በቀን አራት አምስት ለሚጠጣና ሐኪም ላስጠነቀቀው ግን ወረቀት ይሻለዋል።

ጤናው ካላስገደደ ምርጫው ከጣዕሙ ይልቅ ሳህን አጣቢው ላይ ይወድቃል። ጠዋት እየሮጠ የሚወጣና አተላ የሚጠላ ሰው ወረቀት ይግዛ። ወፍራም ቡና የሚወድና በሳምንት አንድ ቀን ሶዳ ለመበጥበጥ የማይሰንፍ ብረት ያዋጣዋል። ጨርቁን ለመሞከር ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግማሽ ሜትር ንጹሕ አቡጀዲ ገዝቶ፣ እንደ ቆብ ሾጠጥ አድርጎ ሰፍቶ፣ ቀቅሎ መጀመር ይቻላል። በሁለተኛው ሳምንት ውኃውን መለወጥ ከረሱ፣ ወረቀቱ ለእርስዎ ርካሽ መሆኑን በ300 ብር ሳይሆን በአንድ ቁራጭ አቡጀዲ ዋጋ አወቁ ማለት ነው።